የአክስቴ ልጅ የወር አበባ ለምን ቀረ?

የአክስቴ ልጅ ደብረ ሲና ተወልዳ ያደገች ናት። አምና ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝታ ሀንጋሪ ሄደች። እኔ ሸዋ ሮቢት አዋላጅ ነርስ ነኝ። ታሪኩን የምጽፈው እሷው «ለሌሎቹም ይድረስ» ስላለችኝ ነው።

መስከረም ላይ ሄደች። ኅዳር ላይ የወር አበባዋ ጠብ ጠብ ብሎ ቆመ፤ ታኅሣሥም፣ ጥርም፣ የካቲትም ሳይመጣ አለፈ። የሀገሯ ልጆች «ብርዱ ነው፣ ስትለምጂው ይመለሳል» አሏት። ለደብረ ሲና ልጅ ብርድ ምኗ ነው? ጉዞና ጭንቀት አንድ ወር ሊያዛቡ ይችላሉ። በየወሩ ይመጣ የነበረ አበባ ሦስት ወር ከቀረ ግን መመርመር አለበት።

ከሐኪም ያስቀራት ፍርሃት ነበር። ወንድ አታውቅም፤ ሆኖም «እትዬ፣ አርግዘሽ ነው ቢሉኝስ? እማዬ ብትሰማስ?» እያለች በስልክ አለቀሰች። የእርግዝና ምርመራ ለማንኛዋም ሴት መጀመሪያ የሚታዘዝ እንደሆነ፣ ውጤቱም ለእሷ ብቻ እንደሚነገር አስረዳኋት። በማግስቱ ቀጠሮ ያዘች።

ሽንቷ ታየ፤ እርግዝና የለም። ቀጥሎ ሚዛን ላይ አወጧት። ቁመቷ 1 ሜትር ከ65 ነው፤ ስትሄድ 56 ኪሎ የነበረችው ልጅ 46 ሆናለች። ሐኪሟ «በቀን ምን ትበያለሽ?» አለቻት። ለቤተሰብ የምትልከውን ለመቆጠብ ከትምህርት መልስ አንድ ሳህን መኮሮኒ በቲማቲም፣ በቃ። በዚያ ላይ ዐቢይ ጾም ገብቷል። ደሟ ሲመረመር የእንቅርት ሆርሞኑ ደህና ነው፤ ፕሮላክቲኑም እንደዚሁ። አልትራሳውንዱም ምንም አላሳየም። ዝቅ ያሉት ከአንጎል ሥር ወጥተው እንቁላል ማፍሪያውን የሚያዙት ሆርሞኖችና ኢስትሮጅን ናቸው።

ምግብ ሲያንስ አንጎል «ይህ አካል አሁን እርግዝና አይችልም» ብሎ ትእዛዙን ይቀንሳል። ያኔ እንቁላል አይለቀቅም፣ የማሕፀን ግድግዳ አይወፍርም፣ የሚፈስ ደምም አይኖርም። ማፍሪያው ጤነኛ ነው፤ የጎደለው ትእዛዙ ነው። ኢስትሮጅን ለረጅም ጊዜ ካነሰ ደግሞ አጥንት ይሳሳል፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ጓደኛዋ የወሊድ መከላከያ እንክብል እንድትውጥ መክራት ነበር። እንክብሉ ደም ያመጣል፤ ደሙ ግን የመድኃኒቱ ነው፣ የራሷ ዑደት መመለስ አለመመለሱን ይሸፍንባታል።

የታዘዘላት ምግብ ነው፤ በቀን ሦስቴ፣ ዘይት ያልተነፈገው፣ በመካከሉም መክሰስ። የንስሐ አባቷ ሕመሟን ሰምተው ከጾሙ አሳረፏት። አክስቴ በሶ ላከችላት፤ በማር እየበጠበጠች ጠጣችው። ሰኔ ላይ 53 ኪሎ ገባች። አበባዋ ግን ወዲያው አልመጣም፤ ሐምሌ መጨረሻ ላይ መጣ፣ ቀጣዩም ዘግየት ብሎ ተከተለ። ሐኪሟ ሳያቋርጥ መምጣቱን እስክታረጋግጥ ትከታተላታለች፤ ዳግም ከጠፋ የአጥንቷ ጥንካሬ ይለካል።