በሦስት ፒን ውስጥ ምን ያልፋል? የማይክ ኬብል አሠራርና ምርመራ

አንድ አዳራሽ መድረክ ላይ ሁለት ማይክሮፎኖች ጎን ለጎን ተተክለዋል፤ ተናጋሪው መሐላቸው ቆሟል። የግራው ማይክ ብቻውን ሲከፈት ድምፁ ጥሩ ነው። የቀኙም ብቻውን ጥሩ ነው። ሁለቱ አብረው ሲከፈቱ ግን የተናጋሪው ድምፅ ይሳሳል፤ ወፍራሙ የደረት ድምፅ ጠፍቶ ቀጭኑ ብቻ ይቀራል። የድምፅ ባለሙያው ማይኩን ይቀይራል፣ ሚክሰሩ ላይ ቤዝ ይጨምራል፣ ስፒከሩን ይጠራጠራል። ጥፋቱ ያለው ግን ከሁለቱ ኬብሎች በአንደኛው ጫፍ ላይ ነው፤ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ቦታ ተለዋውጠው ተበይደዋል።

የማይክ ኬብል ክፉ ጠባዩ ይህ ነው። ተሳስቶ ተበይዶም ብዙ ጊዜ ድምፅ ያሳልፋል። «ሰካሁት፣ ሠራ» ማለት ኬብሉ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ትክክለኛነቱን ለማወቅ እያንዳንዱ ፒን ምን እንደሚሸከም ማወቅ ያስፈልጋል።

ኤክስኤልአር የሚባለው ክብ ማገናኛ የመጣው ካኖን ኤሌክትሪክ ከተባለ የሎስ አንጀለስ ኩባንያ ነው። የማይኩ ሦስት ፒኖች አሉት፤ ቁጥራቸውም ከጎናቸው ላስቲኩ ላይ በደቃቁ ተቀርጿል። ድምፅ ሁልጊዜ በወንዴው ይወጣል፣ በሴቴው ይገባል። ስለዚህ ማይኩ ግርጌ ላይ ያሉት የወጡ ፒኖች ናቸው፤ የኬብሉ ሴቴ ጫፍ ማይኩ ላይ፣ ወንዴው ጫፍ ሚክሰሩ ላይ ይሰካል።

ኬብሉን ልጣችሁ ብታዩት ውስጡ እርስ በርስ የተጠማዘዙ ሁለት ሽቦዎች አሉ፤ በዙሪያቸው ደግሞ የተጠለፈ ወይም የተጠቀለለ ባዶ የመዳብ ሽቦ አለ። ይህ ዙሪያውን የሸፈነው ሺልድ ወደ ፒን 1 ይሄዳል። ድምፅ አይሸከምም፤ ሥራው ከውጭ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ረብሻ ተቀብሎ ወደ መሣሪያው ሻሲ መውሰድ ነው። ድምፁን የሚሸከሙት ፒን 2 እና ፒን 3 ናቸው። በፒን 2 ድምፁ በቀጥታ ይሄዳል፤ በፒን 3 ተገልብጦ ይሄዳል። የድምፅ ግፊት የማይኩን ስስ ሽፋን ወደ ውስጥ ሲገፋ ፒን 2 ከፒን 3 አንጻር ወደ ፖዘቲቭ ይወጣል። ዛሬ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ስምምነት ይህ ነው።

ለአንድ ድምፅ ሁለት ሽቦ ለምን አስፈለገ? ጥቂት ቁጥር እንውሰድ። አንድ ሰው ወደ ማይክ ጠጋ ብሎ ሲናገር በአንዲት ቅጽበት ፒን 2 ላይ 1 ሚሊቮልት፣ ፒን 3 ላይ ከዜሮ በታች 1 ሚሊቮልት ተፈጠረ እንበል። ሚክሰሩ የሚያነበው የሁለቱን ልዩነት ነው፤ ስለዚህ 2 ሚሊቮልት ያገኛል። አሁን ኬብሉ በአዳራሹ መብራት ገመድ አጠገብ አለፈና ከ220 ቮልቱ መስመር 5 ሚሊቮልት ረብሻ ገባበት። ሁለቱ ሽቦዎች ተጠማዝዘው አብረው ስለሚሄዱ ረብሻው የሚደርሳቸው እኩል ነው። ፒን 2 ላይ 6 ሆነ፤ ፒን 3 ላይ 4 ሆነ። ልዩነታቸው ግን አሁንም 2 ነው። ከድምፁ የበለጠ ረብሻ ገብቶ ሳለ ሚክሰሩ ጋ ሲደርስ ተጣፍቷል። ባላንስድ መስመር የሚባለው ይህ ነው።

እርግጥ መጣፋቱ ሙሉ አይደለም። ሁለቱ ሽቦዎች ከመሬት አንጻር ያላቸው ተቃውሞ በትንሹ በተለያየ ቁጥር፣ ያ ልዩነት ረብሻ ሆኖ ይሰማል። ለዚህ ነው የአንዱ ፒን ብየዳ ደካማ ሲሆን ድምፁ ሳይጠፋ ከሥሩ የ50 ሄርዝ ጉርምርምታ የሚነሳው።

በእነዚሁ ሦስት ፒኖች ላይ ሌላም ነገር ያልፋል። ኮንደንሰር የሚባሉት ማይኮች ለመሥራት ኃይል ይፈልጋሉ፤ ሚክሰሩም 48 ቮልት በዚያው ኬብል ይልክላቸዋል። ፋንተም ፓወር የሚባለው ይህ ነው። በ1966 የጀርመኑ ኖይማን ለኖርዌይ ብሮድካስቲንግ በሠራው ማይክ የተጀመረ ሲሆን፣ 48 የተመረጠው በጣቢያው ስቱዲዮዎች ለአደጋ ጊዜ መብራት የተዘረጋ 48 ቮልት ስለነበረ ነው። አላላኩ ብልህ ነው፤ 48 ቮልቱ በፒን 2 እና በፒን 3 ላይ እኩል ይጫናል፣ እያንዳንዱም 6.8 ኪሎኦም ሬዚስተር አልፎ ይመጣል፤ መመለሻው ፒን 1 ነው። ሁለቱ ላይ እኩል ስለሆነ በመካከላቸው ልዩነት የለም፤ ኃይሉን የማይፈልገው ተራ ዳይናሚክ ማይክ መኖሩንም አያውቅም። ይህ የሚሆነው ግን ኬብሉ ትክክል ሲሆን ነው። ፒን 3 ከፒን 1 ጋር ከተነካካ በፒን 2 የመጣው 48 ቮልት በማይኩ ጥምጥም ውስጥ አልፎ ወደ ፒን 1 ይወርዳል። 48ን ለ6,800 ብናካፍል 7 ሚሊአምፔር ገደማ ነው። ለዳይናሚክ ማይክ ብዙ ላይጎዳው ይችላል፤ ከጥቂት ማይክሮን ያልወፈረ የአሉሚኒየም ጥብጣብ ያለውን የሪበን ማይክ ግን ሊያበላሸው ይችላል። የኬብል ስህተት ከድምፅ ጥራት አልፎ የመሣሪያ ዋጋ የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ብየዳው እንሂድ። ከሁሉ በፊት የማገናኛው የኋላ ክዳንና ገመዱን የሚይዘው ፕላስቲክ ኬብሉ ላይ ይግቡ። ይህ የተረሳ እንደሆነ ሦስቱም ፒኖች በጥሩ ሁኔታ ከተበየዱ በኋላ ሁሉንም ፈትቶ እንደገና መጀመር ነው። ቀጥሎ የውጭው ላስቲክ 2 ሴንቲሜትር ያህል ይላጣል። ምላጩ ሺልዱንና የውስጥ ሽቦዎችን እንዳይነካ ላስቲኩን ጥቂት ቆርጦ አጠፍ በማድረግ ማስከፈት ይሻላል። የሺልዱ ጭረቶች ተሰብስበው ይጠመዘዛሉ፤ በሙቀት የሚሸበሸብ ቀጭን ላስቲክ ይለብሳሉ። አንዲት ያመለጠች ጭረት ፒን 2ን ወይም 3ን ብትነካ፣ ያ ከላይ ያልነው ሾርት ተፈጠረ ማለት ነው። የውስጦቹ ሽቦዎች ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ብቻ ይላጣሉ።

ካውያው 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሁን። ሽቦዎቹም የፒኖቹ ጽዋዎችም አስቀድመው ለየብቻ ሊድ ይቀባሉ፤ ከዚያ ጽዋው ሲሞቅና ሊዱ ሲቀልጥ ሽቦው ይገባል፣ ካውያው ይነሳል፣ እስኪረጋ ድረስ እጅ አይንቀሳቀስም። ጠቅላላው ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። ካውያው ከቆየ ፒኑን የያዘው ፕላስቲክ ይለሰልስና ፒኑ ያዘነብላል። ጥሩ መከላከያ አለው፤ ስትበይዱ ተቃራኒውን ማገናኛ ፊት ለፊት ሰክታችሁ ብትይዙት ፒኖቹ ቢሞቁም ቀጥ ብለው ይቆያሉ።

ቁጥር ላይ ብዙ ሰው የሚስተው፣ ወንዴውና ሴቴው እንደ መስታወት ነጸብራቅ ስለሆኑ ነው። ፒን 3 በሁለቱም ላይ ብቻውን ነው፤ ፒን 1 እና 2 ግን ግራና ቀኛቸው ይገለበጣል፤ ከፊት ሲታዩና ከብየዳው በኩል ሲታዩም እንዲሁ። ስለዚህ በቦታ አትመኑ፣ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቡ። 1 እና 2 በአንድ ጫፍ ላይ ከተቀያየሩ የድምፁ ሽቦ ወደ መሬት፣ ሺልዱ ደግሞ ወደ ድምፁ መግቢያ ይገባል። ዳይናሚክ ማይክ ከሆነ ድምፅ ይሰማል፤ ግን ጉርምርምታው አብሮ አለ፣ የማይኩን የብረት ገላ በእጅ ሲነኩትም ይለወጣል።

የ2 እና የ3 መቀያየር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከቀለም ነው። በአንዱ ጫፍ ቀዩን ለ2፣ ነጩን ለ3 አድርጎ ሌላውን ጫፍ በማግስቱ የበየደ ሰው ቀለሙን ሊያዛንቅ ይችላል። የትኛው ቀለም የት ይሁን ከሚለው ይልቅ ዋናው በሁለቱም ጫፍ አንድ መሆኑ ነው። የመድረኩ ሁለት ማይኮች ችግር የተነሳው ከዚህ ነው። የተቀያየረው ኬብል ድምፁን ይገለብጠዋል፤ ብቻውን ሲሰማ ጆሮ ልዩነቱን አይለይም። ሁለቱ ሲደመሩ ግን አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። የወፍራም ድምፅ ሞገድ ረጅም ስለሆነ ጎን ለጎን ላሉ ማይኮች በአንድ ጊዜ ይደርሳል ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ከሌላው ይልቅ እሱ ይጣፋል። ሚክሰሩ ላይ ፖላሪቲ የሚገለብጥ ቁልፍ ካለ በአንዱ ቻናል ላይ ተጫኑት። ድምፁ ወዲያው ከወፈረ በኬብሎቹ መንገድ ላይ አንድ መገልበጥ አለ ማለት ነው።

ሌሎቹም ብልሽቶች በድምፃቸው ይታወቃሉ። ከድምፅ ተሸካሚዎቹ አንዱ ከተቆረጠ ድምፁ እጅግ ይደክማል፣ ቤዙ ይጠፋል፣ ረብሻው ይነሳል። 2 እና 3 ከተነካኩ ድምፅ ጭራሽ የለም። ፒን 1 ሲቆረጥ ደግሞ ዳይናሚኩ ምናልባት ከረብሻ ጋር ይሠራል፤ ኮንደንሰሩ ግን ለፋንተሙ መመለሻ ስለሌለው ዝም ይላል።

ጆሮ ሳይደክም የሚረጋገጠው በቴስተር ነው። ቴስተሩን የሚጮኸው መለኪያ ላይ አድርጋችሁ፣ ኬብሉን ከሁለቱም በኩል ነቅላችሁ፣ 1ን ከ1፣ 2ን ከ2፣ 3ን ከ3 ንኩ፤ ሦስቱም መጮህ አለባቸው። ከዚያ በአንዱ ጫፍ ላይ 1ን ከ2፣ 1ን ከ3፣ 2ን ከ3 ንኩ፤ አንዱም መጮህ የለበትም። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ሠርቶ ሁለተኛውን ይተወዋል፤ ሪበን ማይክ የሚጎዳው ሾርት የሚገኘው ግን በሁለተኛው ነው። ቴስተሩ እንደተነካ ኬብሉን ማገናኛው ሥር ያዝ አድርጋችሁ ወዲያ ወዲህ አጥፉት፤ ጩኸቱ ከተቆራረጠ ብየዳው አልያዘም፣ ወይም ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል።

አንድ ነገር ቀረ። ማገናኛው ውስጥ ከሦስቱ ፒኖች ሌላ ከብረት ገላው ጋር የተያያዘ አራተኛ የብየዳ ምላስ ታገኛላችሁ። በማይክ ኬብል ላይ ባዶውን ተዉት። ከፒን 1 ጋር ካያያዛችሁት ሁለት ኬብሎች ተቀጣጥለው ወለል ላይ ሲዘረጉ፣ መጋጠሚያቸው የመድረኩን ብረት በነካ ቁጥር ሺልዱ ሌላ የመሬት መንገድ ያገኛል፤ በዚያም በኩል ጉርምርምታ ይገባል። አንዳንድ የድሮ የአሜሪካ መሣሪያዎች ደግሞ በፒን 2 ፈንታ ፒን 3ን ቀጥተኛ አድርገው የተሠሩ ናቸው። ለእነሱ ብላችሁ ረጅሙን ኬብል አትገልብጡ፤ 2 እና 3 የተቀያየሩበት አጭር ገመድ ለብቻው ሥሩና ቀይ ቴፕ ጠቅልሉበት፣ ከመሣሪያው ጋር ብቻ ይኑር።