«ቀጣዩን መረጃ 4፡00 ላይ እንሰጣለን»

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የሶፍትዌር ባለሙያዎች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት የጊትላብ አገልግሎት ተቋረጠ፤ አንድ ሠራተኛ በስህተት ዋናውን የመረጃ ቋት አጥፍቶ ነበር። ድርጅቱ ጥገናው ሳያልቅ እውነቱን ተናገረ፦ የ6 ሰዓት ያህል መረጃ ጠፍቷል፤ የኮድ ማከማቻዎቹ ግን አልተነኩም። ደንበኛው የትኛውን ሥራ መድገም እንዳለበት የሚያውቀው እንዲህ ሲነገረው ነው።

«አንዳንድ ደንበኞች ችግር ሊገጥማቸው ይችላል» ማለት ማንንም አይረዳም። ባንክ ቢሆን እንዲህ ቢጽፍ እመርጣለሁ፦ «ከጠዋቱ 3፡10 ጀምሮ ገንዘብ መላክ አይሠራም፤ ቀሪ ሂሳብ ማየት ይቻላል። መንስኤውን ገና አላወቅንም። ቀጣዩን መረጃ 4፡00 ላይ እንሰጣለን።»

እዚህ ላይ የተቀጠረው የመረጃው ሰዓት እንጂ የጥገናው አይደለም። 4፡00 ሲሆን አዲስ ነገር ባይገኝም ያንኑ መጻፍና ሌላ ሰዓት መቅጠር ያስፈልጋል።