«ቤታቸው አሳደሯቸው»፦ የማን ቤት?

ጉባኤ ሊጀመር ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ከተናጋሪዎች ባዮ ይሰበሰባል። አብዛኛው የሚመጣው ተናጋሪው ስለ ራሱ በጻፈው አንደኛ መደብ ነው፤ መድረክ መሪው ደግሞ ለታዳሚ የሚያነበው በሦስተኛ መደብ ነው። አንዱን ወደ ሌላው የማዞሩን ሥራ አዘጋጆች ለሥራ ልምድ ተማሪ ይሰጡታል፣ አለዚያም በጉባኤው ጠዋት በቆሙበት ይጨርሱታል። እኔ ለዓመታት የመድረክ ጽሑፍ ሳዘጋጅ ኖሬአለሁ፤ ከሥራዬ ሁሉ አብልጬ የምወደውም ይህንኑ ነው። እንደሚገባውም አይከበርም እላለሁ።

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ስሕተት ላንሣ። ብዙ ሰው ሥራው «እኔ»ን በ«እሳቸው» መተካት ይመስለዋል። በአማርኛ ባዮ ውስጥ ግን «እኔ» የምትለው ቃል ብዙ ጊዜ አንድም ቦታ አትገኝም። ሰውየው ያለው በግሱና በስሙ ጭራ ላይ ነው፤ በ«ተማርኩ»፣ በ«ቤቴ»፣ በ«ተሳካልኝ»። ስለዚህ የሚለወጠው እያንዳንዱ ጭራ ነው። «እሳቸው»ን በየዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ የሚሰካ ሰው ጭራውን በትክክል ቢያዞርም እንኳ ጽሑፉን እንደ ምስክር ቃል ያደርቀዋል። በደንብ የዞረ ትውውቅ ውስጥ «እሳቸው» አንድ ጊዜ ብትገባ ነው፤ ባትገባም አትናፈቅም።

ነገሩን በእጄ ባለፈ አንድ ባዮ ላሳይ። የባዮው ባለቤት አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ ስማቸውን ትቼ «ሲስተር እገሊት» እላቸዋለሁ፣ ቦታዎቹንም ለዋውጫለሁ። የላኩት ይህን ነበር፦

«የተወለድኩት ደብረ ብርሃን ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ አዋላጅ ነርስነት ተማርኩ። ገጠር ጤና ጣቢያ ተመድቤ 8 ዓመት ሠራሁ። ነፍሰ ጡር እናቶች ከሩቅ መጥተው ማደሪያ ሲያጡ ቤቴ አሳደርኳቸው። ባልደረቦቼ ተስፋ ሲቆርጡ የእናቶች ማቆያ እንዲሠራ አስተዳዳሪዎቹን ለመንኩ፤ ተሳካልኝ። አሁን እዚሁ ከተማ አስተምራለሁ። ሥራዬን በጣም እወዳለሁ።»

የሚያምር ባዮ ነው። ከአዘጋጆቹ አንዱ ጭራ ጭራውን አዙሮ ሲያመጣልኝ ግን መካከሉ እንዲህ ሆኖ ነበር፦ «ነፍሰ ጡር እናቶች ከሩቅ መጥተው ማደሪያ ሲያጡ ቤታቸው አሳደሯቸው። ባልደረቦቻቸው ተስፋ ሲቆርጡ አስተዳዳሪዎቹን ለመኑ፤ ተሳካላቸው።»

በሰዋስው ረገድ አንድም ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ቤቱ የማን ነው? ማንስ ማንን አሳደረ? ተስፋ የቆረጡት ባልደረቦች ናቸው ሄደው የለመኑት? የተሳካውስ ለማን ነው? ጮክ ብዬ ሳነብለት ልጁ ራሱ ደነገጠ።

ምክንያቱ አንቱታ ነው። አማርኛ አንድን ሰው ሲያከብር የብዙ ቁጥር ያለብሰዋል፤ «ሲስተር እገሊት ሠሩ» እና «እናቶቹ ሠሩ» በግሱ ላይ አንድ ናቸው። ባዮው በአንደኛ መደብ ሳለ ይህ ችግር አልነበረም፤ «ቤቴ» የተናጋሪዋ ብቻ ነው፣ «አሳደርኳቸው» ውስጥ አሳዳሪዋም አዳሪዎቹም ተለይተው ይታያሉ። ወደ አንቱታ ስናዞረው ግን ተናጋሪዋ ከእናቶቹ፣ ከባልደረቦቻቸውና ከአስተዳዳሪዎቹ ጋር አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ሕዝቡ መካከል ይጠፋሉ። ስለ አንድ ሰው እያወራን «እሱ» ወይም «እሷ» ብንል ኖሮ ይህ አይገጥመንም ነበር። ጋዜጠኞች ስለ አትሌትና ስለ ድምፃዊ ሲያወሩ «አሸነፈች»፣ «ዘፈነ» ማለታቸው የተለመደ ስለሆነ ዜናቸው በዚህ በኩል አይደናገርም። የጉባኤ መድረክ ላይ ግን ተናጋሪው የ25 ዓመት ወጣት ቢሆንም አንቱ ሊባል ይገባል ባይ ነኝ፤ ስለዚህ ችግሩን ከነክብሩ መፍታት አለብን።

እኔ የምፈታው በሦስት መንገድ ነው። ቀላሉ ስሙን ወይም ማዕረጉን በተደናገረበት ቦታ መመለስ ነው፦ «ሲስተሯ በገዛ ቤታቸው አሳደሯቸው»። ይሠራል፤ ሲደጋገም ግን ጆሮ ይሰለቸዋል። ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው ሌላውን ወገን ወደ ነጠላ ማውረድ ነው። «እናቶች» የሚለውን «አንዲት እናት» ባደርገው «ማደሪያ ስታጣ ቤታቸው ያሳድሯት ነበር» ይሆናል። አሁን «ቤታቸው» የእናቲቱ ሊሆን አይችልም፣ የእሷ ቢሆን «ቤቷ» ይባል ነበርና። ክብሩ ራሱ መለያ ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ አዳራሹ ውስጥ ላለው ሰው አንዲት እናት በሌሊት በር ስታንኳኳ ከ«እናቶች» ይልቅ ትታየዋለች። ሦስተኛው ሰዎቹን በመሥሪያ ቤታቸው መጥራት ነው፤ «አስተዳዳሪዎቹ» ሲል የነበረው «የወረዳው አስተዳደር» ሲባል ነጠላ ይሆንና «ፈቀደ» ይላል እንጂ «ፈቀዱ» አይልም።

ስለ ባልደረቦቹስ? እነርሱን ያወጣኋቸው በሌላ ምክንያት ነው። ሲስተር እገሊት በራሳቸው አፍ «ባልደረቦቼ ተስፋ ቆረጡ» ቢሉ ትዝታ ነው። መድረክ መሪ ሲለው ግን ጉባኤው በሰዎች ላይ የሰጠው ፍርድ ይሆናል፤ ከባልደረቦቻቸውም አንዱ እዚያው አዳራሽ ሊቀመጥ ይችላል። «ሥራዬን በጣም እወዳለሁ» የሚለውም እንዲሁ ነው። የሰው ልብ ውስጥ ያለውን እኔ «ይወዳሉ» ብዬ ልመሰክር አልችልም፤ ወይ «እንደሚወዱ ይናገራሉ» ማለት ነው፣ ወይ መተው። ተውኩት፤ ቤታቸው ነፍሰ ጡር ያሳደሩ ሰው ሥራቸውን መውደዳቸው ሳይነገርም ይሰማል።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ የግሱ ጊዜ ነው። «ተወለዱ፣ ተማሩ፣ ተመደቡ፣ ሠሩ» እየተባለ ሲወርድ በኛ ሀገር ጆሮ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ነው የሚያስታውሰው። ከልደት ቦታ ከተጀመረ፣ አባትና እናትም ከተጠሩ ደግሞ ጭራሽ ይብሳል። አንድ ጊዜ አንድ አረጋዊ መምህርን እንዲህ ሲያስተዋውቋቸው ከኋላዬ የተቀመጡ እናት «ውይ፣ መቼ ነው?» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ መምህሩ ግን ከፊት ወንበር ተቀምጠው ተራቸውን እየጠበቁ ነበር። መድኃኒቱ ሁለት ነገር ነው። መነሻው ከዛሬ ይሁን፤ ተናጋሪው አሁን ምን እንደሚሠሩና ለምን እንደመጡ። ያለፈውን ደግሞ ዛሬ ድረስ በሚዘልቅ ግስ ማለት ነው፦ «ሠሩ» ሳይሆን «ሠርተዋል»፣ «አስተማሩ» ሳይሆን «አስተምረዋል»። የትውልድ ቦታ ከንግግሩ ጋር ካልተያያዘ ይውጣ።

ጾታን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «ሠራሁ» ወንድ ይሁን ሴት አይናገርም፤ «ሠርተዋል»ም አይናገርም። ስለዚህ ጽሑፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲያዞሩ የሰውየው ጾታ ሳይታወቅ ሊያልቅ ይችላል። ስሙ ደግሞ ደስታ፣ ሙሉ ወይም ዓለም ከሆነ አይረዳም፣ ለወንድም ለሴትም ይወጣልና። ስሕተቱ የሚፈነዳው ማዕረግ ሲጻፍ ነው። አንድ መድረክ ላይ «አቶ» ተብሎ ተጠርቶ ሴት ሲነሡ አይቻለሁ፤ ተናጋሪዋ ፈገግ ቢሉም የንግግራቸው የመጀመሪያ ደቂቃ በዚያ ተበላ። ስልክ ደውሎ «በምን ማዕረግ ልጥራዎት?» ብሎ መጠየቅ ነው። በውጭ ሀገር የሚዘጋጁ ጉባኤዎች ላይ ደግሞ በአባት ስም የመጥራት ልማድ አለና፣ የኛን ሰው ሲያስተዋውቁ ማዕረጉ ከራሱ ስም ጋር መሄዱን አዘጋጆቹ ይወቁ።

የቀረው ጥቃቅን ነው። «አሁን»፣ «እዚሁ ከተማ»፣ «ላለፉት 8 ዓመታት» የሚሉት ቃላት የተጻፉት ተናጋሪው በነበሩበት ቦታና ቀን ነው፤ ባሕር ዳር የተጻፈ «እዚሁ» አዳማ ላይ ሲነበብ ውሸት ይሆናል። ዓመተ ምሕረት ካለም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጣራ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ጽሑፉን ለባለቤቱ ማንበብ አይቀርም። ለሲስተር እገሊት በስልክ ሳነብላቸው አንድ ነገር አረሙኝ፤ እኔ «ማቆያውን አሠርተዋል» ብዬ ነበር፣ «ያሠራው ወረዳው ነው፤ እኔ የጠየቅሁት ነኝ» አሉ። በራሳቸው ጽሑፍ «ተሳካልኝ» ያሉትን እኔ ከልክ በላይ አሳድጌው ኖሯል። የተነበበው ይህ ነው፦

«ቀጣይዋ ተናጋሪያችን ባሕር ዳር ላይ አዋላጅ ነርሶችን ያስተምራሉ። ከዚያ በፊት በገጠር ጤና ጣቢያ 8 ዓመት ሠርተዋል። በዚያን ጊዜ ጤና ጣቢያው ከሩቅ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች የመውለጃቸውን ቀን የሚጠብቁበት ማቆያ አልነበረውም፤ አንዲት እናት ማደሪያ ስታጣ ሲስተሯ ቤታቸው ያሳድሯት ነበር። ማቆያ እንዲሠራ የወረዳውን አስተዳደር ደጋግመው ጠይቀዋል፤ ወረዳውም ሠርቶታል። ሙያውን የተማሩት በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። ዛሬ ማቆያው ከተከፈተ በኋላ ያዩትን ይነግሩናል፤ ሲስተር እገሊት።»

ከዚህ በኋላ መድረክ መሪው ከታዳሚው ወደ ተናጋሪዋ ይዞራል። ግሱ እዚህም አይለይም፤ «መጡ» ስለ እሳቸውም ለእርስዎም ያው ነው። መዞሩ የሚታወቀው በአንዲት ፊደል ነው፤ እስካሁን «ቤታቸው»፣ «ሥራቸው» ሲል የቆየው አፍ «መድረኩ የእርስዎ ነው» ሲል «ዎ» ትመጣለች። መድረክ መሪዎችን እዚያች ቦታ ላይ ከወረቀቱ ቀና በሉ እላቸዋለሁ፤ ሲስተር እገሊት በተጠሩ ዕለት መሪው ቀና ብሎ ስላየ ደረጃው ላይ ደርሶ እጃቸውን ያዘ።