ሽሮን በሁለት መስመር

የባህል ምግብ ቤት ሜኑ ገልጣችሁ የሽሮን መስመር ብትፈልጉ ብዙ ጊዜ የምታገኙት እንዲህ ያለ ነገር ነው፦ «ልዩ ሽሮ። በምርጥ ቅመማ ቅመም የተዘጋጀ፣ ጣፋጭና ተወዳጅ ባህላዊ ምግባችን።» እዚህ ውስጥ ስለ ሽሮው የሚናገር አንድም ቃል የለም። «ሽሮ» የሚለውን አንስታችሁ «ቂንጬ» ወይም «ዱለት» ብትተኩበት ጽሑፉ ምንም አይጎድልበትም። እንግዳውም አንብቦት ሲያበቃ የሚያውቀው ዋጋውን ብቻ ነው።

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የቋንቋ ሊቅ ዳን ጁራፍስኪ በ2014 ባወጣው የምግብ ቋንቋ መጽሐፍ ውስጥ 6,500 ያህል የአሜሪካ ሜኑዎች ተመርምረዋል። «ጣፋጭ»ን የመሳሰሉ ባዶ ሙገሳዎች ከዝቅተኛ ዋጋ ጋር አብረው የሚሄዱ ሆነው ተገኙ። የጁራፍስኪ ማብራሪያ ቀላል ነው፤ ውዱ ቤት ምግቡ እንደሚጥም ለእንግዳው መንገር አያስፈልገውም። እኛ ጋም ያው ነው። በወጧ የምትተማመን ባለሙያ «ጣፋጭ ነው ብሉልኝ» አትልም፤ ድስቱን ከፍታ ታሳያለች።

ሜኑ የሚጽፍ ሰውም መሄድ ያለበት ወደ ማተሚያ ቤት ሳይሆን ወደ ማድ ቤት ነው። ወጥ ቤቷ አጠገብ ቆሞ ሽሮው ሲሠራ ከመነሻው ቢያይ የሚጽፈውን አያጣም። ሽምብራው (ወይም አተሩ፣ ወይም ሁለቱም) ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ከቅመሙ ጋር ተፈጭቶ የመጣ ነው። በርበሬ ገብቶበት ከሆነ ሚጥን ሽሮ ነው፤ ካልገባበት ነጭ። ድስቱ ላይ መጀመሪያ ሽንኩርቱ ይቁላላል፤ ዘይቱ ይገባል፤ ነጭ ሽንኩርት ይከተላል፤ ውሃው ሲፈላ ዱቄቱ እየተነሰነሰ ይማሰላል። ከዚያ እሳቱ ቀነስ ይደረግና ጥሬ ጥሬ ማለቱን እስኪተው፣ ዘይቱም ፊቱ ላይ ብቅ እስኪል ይንተከተካል። ሲቀጥን ፈሰስ ይባላል። ወፍሮ በትንሽ የሸክላ ድስት ሲቀርብ ደግሞ ተጋቢኖ ነው።

ይህን ሁሉ ሜኑ ላይ ማውረድ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ሽሮ ምን እንደሆነ የማያውቅ አበሻ የለም። ደንበኛው የሚፈልገው የዚህ ቤት ሽሮ ከሌላው በምን እንደሚለይ ነው፦ ይወፍራል ወይስ ይቀጥናል፣ በዘይት ነው ወይስ በቅቤ፣ በምን ዕቃ ይቀርባል። ስለዚህ ካየነው ውስጥ አፍ ውሃ የሚያስሞላውንና ለመምረጥ የሚረዳውን ብቻ እናስቀራለን፦

«ሽሮ ተጋቢኖ። የሽምብራ ሚጥን ሽሮ፣ በደንብ በተቁላላ ሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ወፈር ተደርጎ የተሠራ። እየተንተከተከ በሸክላ ድስቱ ይቀርባል፤ ከጎኑ ቃሪያ አለው። የጾም፣ በዘይት፤ ሲፈልጉ በቅቤ።»

አንድም «ምርጥ» የለበትም። ሥራውን የሚሠሩት ግሦቹ ናቸው፤ «የተቁላላ» ሲባል ሽታው ይመጣል፣ «እየተንተከተከ» ሲባል ድምፁ ይሰማል። አማርኛችን በዚህ በኩል ሀብታም ነው፦ መለብለብ፣ ማሸት፣ መጥበስ፣ ማንተክተክ፣ ማራስ። «የተዘጋጀ» በሚለው ደረቅ ቃል ይህን ሁሉ መሸፈን ለእኔ ብክነት ነው።

የመጨረሻዋ ሐረግ፣ የዘይትና የቅቤዋ፣ ማስጌጫ አይደለችም። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ በየቀኑ፣ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ እሷ ናት። «የጾም» ተብሎ የተጻፈበት ሽሮ የቅቤ ወጥ ሲማሰልበት በነበረ ማማሰያ ከተነካ ጽሑፉ ውሸት ሆነ ማለት ነው። ደንበኛው አንዴ ቅቤ ቅቤ ከሸተተው ደግሞ ሌላውንም መስመር አያምንም።

ከሽሮ ይልቅ የሚያስቸግረው ፍርፍር ነው፤ ከተረፈ እንጀራ መሠራቱን ሁሉም ያውቃል፣ ባለቤቶቹ ግን ያፍሩበታል። «ልዩ የእንጀራ ፍርፍር» ብለው የሚያልፉትም ለዚህ ይመስለኛል። መደበቁ አይጠቅምም። እንጀራው ትኩስ ቢሆን ቁሌቱ ውስጥ ላቁጦ ይቀራል፤ ያደረው ወይም የደረቀው ግን ቁሌቱን ይጠጣል እንጂ አይፈርስም። የምግቡ ጥበብ ያለው እዚሁ ላይ ስለሆነ ይጻፍ፦ «ድርቆሽ ፍርፍር። ፀሐይ ላይ የደረቀ እንጀራ፣ በበርበሬና በቲማቲም ቁሌት የራሰ፤ ከላይ ትኩስ እንጀራ፣ ከጎን ቃሪያ።» የሚያፍርበት ነገር የት አለ?

ጎመን ላይ ሌላ ፈተና አለ፤ «ለጤና ተስማሚ» ማለት ያምረናል። በ2017 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በአንድ የዩኒቨርሲቲ ካፍቴሪያ አንድ ዓይነት አትክልትን፣ አሠራሩን ሳይለውጡ፣ ስሙን ብቻ በየቀኑ እየቀያየሩ አቀረቡ። አጓጊ ስም በተሰጠው ቀን፣ በተራ ስሙ ከቀረበበት ቀን ይልቅ 25 በመቶ የበለጡ ሰዎች አነሱት። «ይህ የሌለው፣ ያ የተቀነሰለት» ከተባለበት ቀን ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ልዩነቱ 41 በመቶ ደረሰ። ስለዚህ «ቅባት ያልበዛበት ጎመን» ከማለት «በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል የተቁላላ የአበሻ ጎመን» ማለት ይሻላል፤ ለጤናው የሚያስብ ሰው ጎመን መሆኑን አይስተውም።

እርግጥ የጻፉትን ማድ ቤቱ በየቀኑ ማቅረብ አለበት፤ ብዙ ሜኑ የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። «በሸክላ ድስት» የተባለው ሰኞ በብረት መጥበሻ ይመጣል፤ ድስቱ ተሰብሮ አልተተካም። «የሸኖ ቅቤ» ተብሎ ተጽፎ ከሱቅ የተገዛ የፋብሪካ ቅቤ ይገባበታል። «ንጹህ የጤፍ እንጀራ» ተብሎ ጤፍ ሲወደድ ሩዝ ወይም ማሽላ ይቀላቀላል። እንዲህ ዓይነቱን ነገር አቅራቢው ሲቀየር ወይም ዋጋ ሲንር የማይለወጥ ካልሆነ አለመጻፍ ነው። «የአያቴ አሠራር» የሚለውንም አያቲቱ ከሌሉበት ልተወው እላለሁ። የተቁላላ ሽንኩርት ግን ሁልጊዜ የተቁላላ ነው፤ በማንም ምንዛሪ አይወሰንም።

አውሮፓ ያሉ የአበሻ ምግብ ቤቶች አንድ ተጨማሪ ግዴታ አለባቸው። ከታኅሣሥ 2014 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ምግብ ቤቶች 14 ዓይነት አለርጂ የሚያስነሱ ነገሮችን ለደንበኛ ማሳወቅ አለባቸው። ከእነዚህ መካከል ሰሊጥ፣ ሰናፍጭና ግብጦም ይገኙበታል። ስልጆ ሲጻፍ ሰናፍጭ እንዳለበት መግለጽ እዚያ ሕግን ማክበር ነው፤ ለማያውቀው እንግዳ ደግሞ አፍንጫ የሚሰረስረው ነገር ምን እንደሆነ ይነግረዋል።

ሜኑው ላሚኔት ከመደረጉ በፊት በተራ ወረቀት ታትሞ ለጥቂት ሳምንት ይዋል። አስተናጋጆቹ ደብተር ይያዙና እንግዳ የጠየቀውን ሁሉ፣ ከምግቡ ስም ጋር፣ ይመዝግቡ። «ያቃጥላል?» የሚለው በአንድ ምግብ ላይ ከተደጋገመ «ለስለስ ያለ» ወይም «በሚጥሚጣ» የሚል ይግባበት። «ለስንት ሰው ይሆናል?» ከበዛ መጠኑ ይጻፍ። «ቆየ እኮ!» ከሆነ ደግሞ ተጋቢኖው ለብቻው በትእዛዝ እንደሚሠራ በአንድ ሐረግ ይነገር። ማንም ምንም ሳይጠይቅበት የሚታዘዘውን መስመር አትንኩት።