ስለ ኳስ የተጀመረ ጨዋታ፤ ተረቱና እውነታው

በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ከጎንደርም ሆነ ከሐረር፣ ከአዲስ አበባም ሆነ ከወላይታ ተነሥቶ፣ ጅማን አልፎ የካፋን ደን እየሰነጠቀ ወደ ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ የሚዘልቅ ወጣት፣ አንድ የመኝታ ክፍል ለሚካፈለው ባልንጀራውም ሆነ በከተማው ውስጥ በየዕለቱ ለሚያገኘው ሰው ሰላምታውን ካደረሰ በኋላ፣ ቀጥሎ የሚናገረው ሊጠፋው ይችላል። በዚያው ምድር ተወልዶ በካፊ ኖኖ አፉን የፈታውም ወጣት በበኩሉ ልሳኑን ከማይሰማ እንግዳ ጋር ሲቀመጥ ያው ዝምታ ይገጥመዋል። እንግዳው ብዙውን ጊዜ ስለ ቡና ይጠይቃል፤ ነገር ግን የቡና መገኛ ነው በሚባል አገር ያደገ ሰው ስለ ቡና ለስንት እንግዳ መልስ እንደሰጠ እግዚአብሔር ይወቀው፤ ደግሞም በዚህ ነገር አንዱ አስተማሪ፣ ሌላው ተማሪ ይሆናሉና እኩል ሆነው አይቀመጡም። ኳስ ግን የሁለቱም ነው። ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በሚታይበት ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ የአገሩ ልጅና እንግዳው በአንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ይሁን እንጂ ኳስን ወይም ዘፈንን ለትውውቅ መግቢያ ስለ ማድረግ በወጣቶቻችን ዘንድ የተለመዱት አንዳንድ እምነቶች፣ ተመርምረው ሲታዩ፣ ከእውነት የራቁ ሆነው ይገኛሉ።

ከሁሉ የሚዘወተረው ተረት፣ አንድ ዓይነት ቡድን የማይደግፉ ሁለት ሰዎች አይግባቡም፣ የአርሰናል ወዳጅ ከማንችስተር ዩናይትድ ወዳጅ ጋር ቢቀመጥ ትርፉ ንትርክ ብቻ ነው የሚለው ነው። በእንግሊዝ አገር በላንካስተር ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ይህን ነገር በብልሃት ፈትነውታል። የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊዎችን ጠርተው፣ በመጀመሪያ ስለ ቡድናቸው ፍቅር እንዲጽፉ ካደረጉ በኋላ ወደ ሌላ ሕንፃ ሲልኳቸው፣ በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው ሲሮጥ መጥቶ ተደናቅፎ ይወድቅና ቁርጭምጭሚቱ የታመመ ይመስላል። የወደቀው ሰው የዩናይትድን ማልያ የለበሰ እንደ ሆነ አብዛኞቹ ቆመው ረዱት፤ የባላንጣውን የሊቨርፑልን ማልያ ወይም ምልክት የሌለው ልብስ የለበሰ እንደ ሆነ ግን ብዙዎቹ አልፈውት ሄዱ። ፈተናው በሌሎች ደጋፊዎች ላይ ሲደገም፣ በመግቢያው ላይ ስለ ዩናይትድ ሳይሆን በጠቅላላው ኳስን ስለ መውደድ እንዲጽፉ ተደረገ፤ ያን ጊዜ የሊቨርፑልን ማልያ የለበሰውን ከዩናይትዱ ባላነሰ ርኅራኄ አነሡት፤ የኳስ ምልክት የሌለበትን ሰው ግን እንደ ቀድሞው አለፉት።

እንግዲህ ባላንጣነቱም ወዳጅነቱም ያደሩት ደጋፊው በተጠራበት ስም ላይ ነበረ ማለት ነው። ከዚህ የሚወጣው ተግባር ቀላል ነው፤ ከማናውቀው ሰው አጠገብ ስንቀመጥ «የማን ደጋፊ ነህ?» ብሎ መጀመር ሰውየውን ገና ከመግቢያው በሰፈር መክፈል ሲሆን፣ «የትናንቱን ጨዋታ አየኸው?» ማለት ግን ሁለቱንም ኳስ ወዳድ በሚለው ሰፊ ስም ሥር ያስቀምጣል። የቡድኑ ጥያቄ ከዚህ በኋላ ቢመጣ ለሣቅና ለቀልድ ይሆናል እንጂ አይጎዳም።

ሁለተኛው ተረት ዐዋቂነትን የሚመለከት ነው። የተጫዋቾችን ዝውውር፣ የዋጋቸውን መጠንና የአሰልጣኙን ስልት በቃሉ ያልያዘ ሰው ስለ ኳስ አፉን ባይከፍት ይሻለዋል ይባላል፤ ከዚህም የተነሣ ብዙ ጨዋ ሰው በጨዋታ ማኅበር መካከል ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ሌላውም የማያውቀውን ዐውቃለሁ ብሎ በሁለተኛው ጥያቄ ይጋለጣል። በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ምርመራ ግን፣ በመጀመሪያ ትውውቅ ጊዜ በጠያቂነታቸው የሚወደዱት ሰዎች አሁን የተሰጣቸውን መልስ ተከትለው ተጨማሪ ጥያቄ የሚያነሡት መሆናቸውን አሳይቷል። ከርእስ ወደ ርእስ የሚዘል ጥያቄ ያን ያህል አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው ከመልሱ ውስጥ የተወለደው ነው፤ ምክንያቱም መልሱን ለሰጠው ሰው ቃሉ መደመጡን የሚመሰክርለት እርሱ ነውና። በዚህ ሚዛን ሲታይ ስለ ኳስ ጥቂት የሚያውቅ ሰው ብልጫ አለው እላለሁ፤ «ዳኛው ያንን ለምን ሻረው?» ብሎ ቢጠይቅ ከልቡ ነው፤ ጎረቤቱም ለማስረዳት ይደሰታል።

ነገር ግን ከሁለቱም ይልቅ ሰፊ ሐተታ የሚያሻው ሦስተኛው ተረት፣ የጋራ ርእስ ከተገኘ ወዳጅነቱ በራሱ ጊዜ ይከተላል የሚለው ነው። ዓመት ሙሉ ቅዳሜ በቅዳሜ አብረው ሲጮኹ የከረሙ፣ የአንድን አጥቂ የጉዳት ታሪክ እስከ ጉልበቱ ጅማት ድረስ የሚያውቁ፣ ነገር ግን አንዱ የሌላው እናት በሕይወት መኖሯን እንኳ ጠይቆ የማያውቅ ሰዎች ሞልተዋል። ኳስ ወሬ ይሰጣል፤ ሰውን ግን አይገልጥም፤ የሚገልጠው በኳሱ ውስጥ ስለ ሰውየው የተጠየቀው ነገር ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.ን እንውሰድ። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በቅታ፣ በደቡብ አፍሪካ በኔልስፕሩት ከተማ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር የተጋጠመችበት፣ የቃና ዘገሊላ ማግስት ነበረ። ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ በረኛው ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ፤ በጎደለ ሰው ሲጫወቱ አዳነ ግርማ አግብቶ አንድ ለአንድ ተለያዩ። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ያለ ወጣት ያን ጊዜ ሕፃን ነበረና፣ ይህን ጨዋታ የሚያስታውስ ከሆነ አብረውት የነበሩትን ሰዎችና የታየበትን ቤት ጨምሮ ያስታውሳል። ስለዚህ ከአማራ ክልል የመጣ ተማሪ በቦንጋ የተወለደውን ባልንጀራውን እንዲህ ጠየቀው እንበል፦

«ከዛምቢያ ጋር የተጫወትን ዕለት አንተ የት ሆነህ አየኸው?»

«አያቴ ዘንድ ነበርኩ። ቴሌቪዥን ስላልነበረን ጎረቤት ሄደን አየነው።»

ነገሩ የሚጸናውም የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው። ጠያቂው «ሳላዲን ግን ያንን እንዴት ይስታል!» ቢል ወደ ኳሱ ተመልሶ የተከፈተውን በር በገዛ እጁ ዘጋው። «አያትህ ዘንድ ለምን ነበርክ? ወላጆችህ የት ነበሩ?» ቢል ደግሞ ሳይጠሩት ወደ ጓዳ ገባ፤ ሰውየውም ይሸማቀቃል። ግማሹ በኳሱ፣ ግማሹ በሰውየው ላይ የቆመ ጥያቄ ግን ይህን ይመስላል፦

«አያትህም ኳስ ይወዱ ነበር?»

«ኧረ ምኑን ያውቁታል! እኔ ስጮኽ ግን አብረውኝ ይጮኹ ነበር።»

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የጠያቂው ፋንታ ነው፤ ሌላ ጥያቄ ከመደርደር ይልቅ የተነገረውን ያህል የሚመዝን የራሱን ነገር ቢናገር ይገባዋል፤ «የእኔ አባት ግን ትምህርትህን ያስፈታሃል ብሎ ከቤት እንዳልወጣ ከልክሎኝ፣ ውጤቱን በማግስቱ ነው የሰማሁት» ቢል ይበቃል። አንዱ ሲናገር ሌላው ቢሰበስብ ምርመራ ይሆናል፤ አንዱ ከመጠኑ በላይ ቢያፈስም አድማጩን ያስጨንቃል። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ አርተር አሮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ የማይተዋወቁ ሰዎች በ45 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ሊቀራረቡ የቻሉት ራሳቸውን በየተራና ደረጃ በደረጃ በመግለጣቸው ነበረ።

አጠገባችን የተቀመጡት በዕድሜ የገፉ ሰው ከሆኑ ደግሞ ሌላ ጥር 13 አለ፤ በ1954 ዓ.ም. በዚሁ ቀን የኢትዮጵያ ቡድን፣ በይድነቃቸው ተሰማ አሰልጣኝነትና በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት፣ አዲስ አበባ ላይ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። «አባባ፣ ኢትዮጵያ ዋንጫ የወሰደች ጊዜ እርስዎ የት ነበሩ?» ብሎ በአክብሮት የሚጠይቅ ልጅ፣ ስለ ኳስ ምንም ባይነገረው እንኳ ስለ ዘመኑ ብዙ ይሰማል።

ስለ ዘፈን ያለው ተረት አጭር ነው፤ ለመግባባት አንድ ዘፋኝ መውደድ ለብዙዎች ግድ ይመስላቸዋል። እርግጥ በአሜሪካ ሬንትፍሮውና ጎስሊንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በስድስት ሳምንት ውስጥ እንዲተዋወቁ የተደረጉ ወጣቶችን ወሬ ሲመረምሩ፣ ሙዚቃ ከመጻሕፍትም፣ ከፊልምም፣ ከስፖርትም ይልቅ አብዝቶ የተነሣው ርእስ ሆኖ አግኝተውታል። ነገር ግን በካፋ የሚኖር እንግዳ በካፊ ኖኖ የተዘፈነውን ዘፈን ግጥሙን አለመስማቱ ጉዳት አይሆንበትም፤ «ይህ በሠርግ ነው የሚዘፈነው? አንተ መጀመሪያ የሰማኸው የት ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለውምና። ወደድሁት ብሎ ያልወደደውን ማወደስ ግን ወዲያው ይታወቅበታል።

ይህ ሁሉ ጊዜና ቦታ ያሻዋል። ጨዋታው እየተካሄደ ሳለ የሚጠየቅ የሕይወት ታሪክ የለም፤ ምቹው ጊዜ የዕረፍቱ 15 ደቂቃ ነው፤ ከዚያም የሚሻለው ከዲኤስቲቪ ቤት ወጥቶ ወደ ግቢ በእግር ሲመለሱ ያለው ጊዜ ነው፤ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሰዎች ዐይን ለዐይን ስለማይተያዩ እፍረት ይቀልላቸዋልና። በእጁ የውርርድ ትኬት የያዘ ሰው፣ ገንዘቡ በጨዋታው ላይ ነውና፣ ለወሬ አይመችም፤ ቡድኑ በተሸነፈበት ሰዓትም ቀልድ እንኳ ይመርረዋል። ሁለት ጊዜ በአንድ ቃል ብቻ መልሶ በበኩሉ ያልጠየቀህ፣ ፊቱንም ወደ ስክሪኑ ያዞረ ሰው «ዛሬ አይሆንም» ማለቱ ነውና፣ ሦስተኛ ጊዜ መግፋት ነውር ነው።

ወሬው በመልካም አልቆ ሳለ ወደ መኝታው ተመልሶ «አሰለቸሁት፣ አልወደደኝም» እያለ የሚብሰለሰል ሰው ደግሞ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ምርመራ ይህንንም አይቶታል፤ ከመጀመሪያ ወሬያቸው በኋላ ለየብቻ የተጠየቁ ሰዎች፣ ባልንጀራቸው በእውነት የወደዳቸውን ያህል እንደ ወደዳቸው አልገመቱም፤ ግምታቸው በሁለቱም ወገን ዝቅ ያለ ነበረ። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ጥርጣሬ ምክንያት ቦታህን አትለውጥ፤ በሚመጣው ቅዳሜ ወደዚያው ቤት ተመለስና ስለ አያቱ ጠይቀው።