ካፕሱል ወይስ የተፈጨ ቡና? ለኪስም ለቆሻሻ ቅርጫትም የሚቀለው የቱ ነው?

በናይሮቢ ትልልቅ የገበያ ማዕከላት የቡና መደርደሪያ ላይ ሁለት ዓይነት እሽግ ጎን ለጎን ይታያል። አንደኛው በኬንያ ተራሮች የተመረተ፣ የተቆላና የተፈጨ ቡና የያዘ የግማሽ ኪሎ ከረጢት ነው። ሌላኛው አሥር ትንንሽ ካፕሱሎችን የያዘች ቀጭን ካርቶን ናት። በዋጋ ሲታዩ ብዙም የማይራራቁ ሊመስሉ ይችላሉ። በውስጣቸው ያለው የቡና መጠን ግን ፈጽሞ አይመጣጠንም።

በስፋት የሚታወቀው የኔስፕሬሶ አነስተኛ ካፕሱል በአማካይ ከ5 እስከ 6 ግራም የተፈጨ ቡና ይይዛል። አሥር ካፕሱል ያለባት ካርቶን እንግዲህ 55 ግራም ገደማ ቡና አላት ማለት ነው። መደርደሪያው ፊት ለፊት ቆሞ ዋጋ ማነጻጸር የሚፈልግ ሰው የካርቶኗን ዋጋ በ18 ቢያባዛ የአንድ ኪሎውን ዋጋ በግርድፉ ያገኛል።

ለስሌቱ ያህል ካርቶኗ 900 የኬንያ ሽልንግ፣ የግማሽ ኪሎው ከረጢት ደግሞ 1,000 ሽልንግ ነው እንበል። በካፕሱል የሚሸጠው ቡና በኪሎ ከ16 ሺህ ሽልንግ በላይ ሲያወጣ ከረጢቱ 2,000 ሽልንግ ነው የሚሆነው። ዋጋው ከሱቅ ሱቅ ቢለያይም ስሌቱ ግን ያው ነው።

የአንድ ቤት የወር ሂሳብ

ኪሊማኒ በተባለው ሰፈር የሚኖሩ ባልና ሚስት ጠዋትና ከሰዓት አንዳንድ ሲኒ፣ በድምሩ በቀን አራት ሲኒ ይጠጣሉ ብለን እናስብ። በካፕሱል ከሆነ ሲኒው 90 ሽልንግ፣ ቀኑ 360፣ ወሩ 10,800 ሽልንግ ይሆናል።

በተፈጨ ቡና ሲሆን ግን ጥንቃቄ ያሻል። ብዙ ንጽጽሮች ለሁለቱም እኩል ግራም ይሰጡና ልዩነቱን ያጋንኑታል። በማጣሪያ ወይም በፍሬንች ፕሬስ አንድ ትልቅ ኩባያ ለማፍላት 15 ግራም ያህል ቡና ያስፈልጋል፤ ከካፕሱሉ ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። እንዲያም ሆኖ ኩባያው 30 ሽልንግ፣ ወሩ ደግሞ 3,600 ሽልንግ ብቻ ይሆናል። በወር የሚተርፈው 7,200 ሽልንግ ደህና የቡና መፍጫ ለመግዛት የሚያስችል ገንዘብ ነው።

ጀበናን በዚህ ሂሳብ ማስገባት ያስቸግራል። አንዴ የገባው ቡና ለአቦል፣ ለቶና እና ለበረካ ስለሚፈላ በአንድ ሲኒ ሲካፈል የሚደርሰው ግራም እጅግ ያንሳል። ከቁጠባ አንጻር ካየነው የሚስተካከለው መሣሪያ አላጋጠመኝም።

ቆሻሻው ወዴት ይሄዳል?

ባዶ የአልሙኒየም ካፕሱል አንድ ግራም ገደማ ይመዝናል። በምሳሌ ያነሳናቸው ባልና ሚስት በዓመት 1,460 ካፕሱል ይጠቀማሉ፤ ይህም አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ አልሙኒየም ነው። መጠኑ ትልቅ አይመስልም። ከባዱ ነገር ብረቱ ከእርጥብ የቡና አተላ ጋር ተጣብቆ መውጣቱ ነው።

አልሙኒየም እንደገና ሲቀልጥ ከማዕድኑ አዲስ ለማምረት ከሚጠይቀው ኃይል 5 በመቶውን ያህል ብቻ ስለሚፈጅ ሊጣል የማይገባው ብረት ነው። በናይሮቢ አብዛኛውን የመለየት ሥራ የሚሠሩት ግን ማሽኖች ሳይሆኑ በዳንዶራ የቆሻሻ መጣያና በየሰፈሩ የሚሰማሩ ቆሻሻ ለቃሚዎች ናቸው። ገቢያቸው በኪሎ የሚታሰብ ነው። አንድ ኪሎ ንጹህ አልሙኒየም ለማግኘት አንድ ሺህ ያህል ካፕሱሎችን መቅደድና አተላቸውን ማራገፍ ሊኖርባቸው ነው። የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ እያለ ይህን ለማድረግ ጊዜውን የሚያጠፋ አይኖርም። በአውሮፓውያኑ 2001 ሞልቷል የተባለው ዳንዶራ ዛሬም ቆሻሻ ይደፋበታል።

ኬንያ በአውሮፓውያኑ ነሐሴ 2017 ላይ ተግባራዊ ያደረገችው ጥብቅ እገዳ የፕላስቲክ ከረጢቶችን እንጂ ካፕሱሎችን አይመለከትም። በ2022 የወጣው የቆሻሻ አያያዝ ሕግ አምራቾችና አስመጪዎች ለምርታቸው ቅሪት ኃላፊነት እንዲወስዱ ይጠይቃል። የጀርመኗ ሐምቡርግ በ2016 የከተማው አስተዳደር በሕዝብ ገንዘብ የካፕሱል ቡና እንዳይገዛ ከልክላለች።

“ወደ አፈር ይለወጣል” የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ካፕሱሎችም አሉ። አብዛኞቹ የሚበሰብሱት 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሙቀት ባለው የማዳበሪያ ማምረቻ ውስጥ ነው። በጓሮ ጉድጓድ ወይም በዳንዶራ ክምር ያንን ሁኔታ አያገኙም። ለስላሳ ወረቀት የሆነው ክብ ፖድ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ሆኖም የራሱ ማሽን ያስፈልገዋል።

ለካፕሱል የሚከራከሩ ወገኖች አንድ ጠንካራ ነጥብ አላቸው። በካናዳ የኩቤክ ዩኒቨርሲቲ የቺኩቲሚ ተመራማሪዎች በ2023 ባወጡት ትንተና ከአንድ ሲኒ ቡና ጋር ከተያያዘው ብክለት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ማሸጊያው ሳይሆን ቡናውን የማምረቱ ሂደት መሆኑን አመልክተዋል። ከሚያስፈልገው በላይ ቡና የሚጨምርና የተረፈውን የሚደፋ ሰው በካፕሱል ከሚጠቀመው የበለጠ ሊበክል ይችላል። ስለዚህ የተፈጨ ቡና ብልጫ የሚኖረው ተመዝኖ ሲፈላና ተጠጥቶ ሲያልቅ ነው። ንጽጽሩ የተሠራው ግን በካናዳ ነው። ናይሮቢ ላይ የኬንያን ቡና ከረጢት ትቶ ካፕሱል የሚገዛ ሰው ፍሬው ከምሥራቅ አፍሪካ ወጥቶ፣ አውሮፓ ተቆልቶና ታሽጎ የተመለሰ ቡና ሊደርሰው ይችላል። የኔስፕሬሶ ካፕሱሎች የሚመረቱት በስዊዘርላንድ ነው።

ማሽኑ ቀድሞ ከተገዛስ?

ማሽን ላለው ሰው መካከለኛው መንገድ ደጋግሞ የሚሞላ የማይዝግ ብረት ካፕሱል ነው። በምሳሌያችን አንዱ ካፕሱል 2,500 ሽልንግ ቢያወጣ፣ ውስጡ የሚገባው የ5.5 ግራም ቡና ዋጋ 11 ሽልንግ ብቻ ስለሆነ በእያንዳንዱ ሲኒ 79 ሽልንግ ይቆጥባል። በቀን አራት ሲኒ በሚጠጣበት ቤት በስምንት ቀን ወጪውን ይመልሳል።

ከመግዛት በፊት የማሽኑን ዓይነት ማጣራት ግን ግድ ነው። በፓምፕ ግፊት ውሃ የሚያሳልፈው አነስተኛው የኔስፕሬሶ ማሽን በብረት ካፕሱል ይሠራል። ቨርቱዎ የተባለው ዓይነት ግን ካፕሱሉን በፍጥነት እያሽከረከረ የሚያፈላ ሲሆን በጠርዙ ላይ ያለውን ባርኮድ ካላነበበ አይነሳም። ለእሱ ያለው አማራጭ ያገለገለውን ካፕሱል አጥቦ፣ እንደገና ሞልቶ መክደን ነው።

ብዙዎች የሚሰናከሉት ደግሞ በአፈጫጨቱ ላይ ነው። ለጀበና የተወቀጠ ወይም የተፈጨ ቡና በውስጡ ብዙ ልም ዱቄት ስላለው የካፕሱሉን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ይህ ሲሆን የፓምፑ ድምፅ ይለወጣል፣ ቡናውም ጠብ ጠብ ይላል፤ ማሽኑን ወዲያውኑ ማቆም ይገባል። በአንጻሩ ሲኒው በአሥር ሰከንድ ውስጥ ከሞላና ቡናው ከቀጠነ አፈጫጨቱ ሸካራ ነበር ማለት ነው። ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ከወሰደ ልኩን አግኝቷል።

ቡናው እስከ አፉ ጢም ብሎ ከተሞላ የማሽኑ እጀታ አይዘጋም። በጠርዙ ላይ የቀረች አንዲት ቅንጣት ደግሞ ውሃው በጎን እንዲያመልጥ ታደርጋለች። ሲኒው ጎድሎ፣ ያገለገሉ ካፕሱሎች የሚጠራቀሙበት ዕቃ በውሃ ከተሞላ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ወይም የጎማ ቀለበቱ አልቋል። ጠርዙን በደረቅ ብሩሽ መጥረግ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩን ይፈታል። ቀለበቱ ከሆነ ያለቀው፣ ካፕሱሉን ሳይጥሉ ቀለበቱን ብቻ መቀየር ይቻላል።