ቆሞ ለሚሄድ ሰው የሦስት ደቂቃ እረፍት

የተመስጦ መመሪያ ሲባል ብዙውን ጊዜ «ጸጥ ያለ ቦታ ይቀመጡ፤ ዓይንዎን ይጨፍኑ» ብሎ ይጀምራል። ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ፣ ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ብረት ይዞ ለቆመ ሰው ይህ ቀልድ ነው። ዓይኑን ቢጨፍን ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ሰው ላይ ይወድቃል፤ ኪሱም ለሌባ ነው።

ደግነቱ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ትንፋሽ ነው፤ ያውም የሚወጣው። አየር ስናስገባ የልብ ምት በትንሹ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ይረጋል። ይህን የሚያደርገው ከአንጎል ተነስቶ ልብ ድረስ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ነው። ስለዚህ አወጣጡን ከአገባቡ ማስረዘም ነው። ያረፈ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ እስከ 4 እየቆጠሩ አስገብተው እስከ 6 እየቆጠሩ ሲያስወጡ ወደ 6 ይወርዳል።

አውቶቡሱ ከፌርማታ ተነስቶ ሲረጋጋ ይጀምሩ፤ ቦርሳዎን ወደ ፊት ያዙሩ። በልብዎ እንዲህ ይበሉ፦

«ዓይኔ በመስኮቱ አሻግሮ ሩቅ ያያል። እግሬ ትንሽ ተራርቋል፤ ጉልበቴ አልተገተረም። ብረቱን የያዘው እጄ ከሚያስፈልገው በላይ ጨብጧል፤ እንዳልወድቅ ያህል ብቻ ልያዘው። ጥርሴን ነክሻለሁ፤ አገጬን ላላላ። ትከሻዬ ይውረድ። አሁን ያለኝን አየር ላውጣ። በአፍንጫዬ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ቀስ ብሎ ይውጣ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ስልክ የሚያወራው ያውራ፤ ድምፁን ሰምቻለሁ። የአለቃዬ ነገር መጣ፤ ይምጣ። ወደ ቁጥሬ ልመለስ።»

ወራጅና ተሳፋሪ ሲጋፋ ቁጥሩ ይጠፋል። ይጥፋ፤ አውቶቡሱ ሲነሳ ከአንድ መጀመር ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደረቱን ነፍቶ በኃይል ሲስብ ነው። ጣት መንዘር ከጀመረ፣ ራስም ቀለል ብሎ ከዞረ፣ ከመጠን በላይ አየር እያስወጡ ነውና ቆጠራውን ትተው እንደ ወትሮው ይተንፍሱ። ስድስቱ ሳይሞላ ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ በ3 አስገብቶ በ4 ማስወጣት ይበቃል። መተላለፊያው ተጨናንቆ ደረት መንፋት እንኳ ካቃተ ትንፋሹን ይተዉና ክብደትዎ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያልፍ ብቻ ይከታተሉ።

ወንበር ያገኘ ሰው ችግሩ ሌላ ነው፤ ሁለተኛው ደቂቃ ሳይሞላ እንቅልፍ ይወስደዋል። እሱ ሳይጀምር በፊት ጎኑ ለተቀመጠው ሰው «ወንድሜ፣ ጀሞ አንድ ስንደርስ ቀስቅሰኝ» ይበል።